ወረፋ የያዙ ፖስቶችን ባንዴ ማቆም፦ የአንድ የጉዞ ወኪል የመጋቢት 2011 ጉዳይ

በዚህ ጽሑፍ የሚነሳው ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ትኬት የሚቆርጥና የጉዞ ጥቅል የሚሸጥ አነስተኛ ቢሮ ነው። ስሙም የሠራተኞቹም ስም አልተጠቀሰም። ጉዳዩ ሊመዘገብ የተገባው ቢሮው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በተከሰከሰ ዕለት፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ሊወጡ ሰዓት የተያዘላቸውን ፖስቶቹን በጊዜ ለማቆም ወስኖ፣ ቆሙ ብሎ ካመነ በኋላም ከሦስት አቅጣጫ ስላመለጡት ነው። ሰዓቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

የቢሮው አሠራር

የማኅበራዊ ሚዲያውን ሥራ የያዘችው አንዲት ሠራተኛ ናት። ምስሎቹን የሚሠራው በኮንትራት የሚከፈለው ዲዛይነር ሲሆን ቢሮ አይመጣም። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ የጋራ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ሐሙስ ሐሙስ የሚቀጥሉትን አሥር ቀናት ፖስቶች ሰዓት አስይዛ ትጨርሳለች። ቢሮው ይህን እንደ ጥሩ ልማድ ይቆጥረው ነበር፤ ልማዱም መጥፎ አይደለም።

ችግሩ ፖስቶቹ የሚጠብቁበት ቦታ አንድ አለመሆኑ ነው። የፌስቡኩ በፌስቡክ የራሱ መርሐ ግብር ውስጥ ይቀመጣል። የኢንስታግራሙን የሚልከው የሌላ ኩባንያ የማሰራጫ መሣሪያ ነው። በ2011 መጋቢት ቴሌግራም ራሱ ለመልእክት ሰዓት የማስያዝ አገልግሎት ገና ስላልነበረው፣ የቻናሉን ፖስቶች የሚለጥፈው አድሚን የተደረገ ቦት ነበር። ድረ ገጹ በወርድፕረስ የተሠራ ሲሆን አዲስ ጽሑፍ ሲወጣበት ሊንኩን በራሱ ወደ ፌስቡክ ገጹ ይልካል። አጭር የጽሑፍ መልእክት ደግሞ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር በሚያከራይ ድርጅት በኩል ይላካል፤ ጽሑፉና የስልክ ዝርዝሩ ዓርብ ተሰጥቶ እሑድ ከሰዓት በኋላ 10፡00 ላይ ለደንበኞች ይደርሳል።

በጠቅላላው አምስት ወረፋ ማለት ነው። ከሠራተኛዋ በቀር አምስቱንም በቃሏ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የተጻፈበት ወረቀትም አልነበረም።

እሑድ መጋቢት 1

ከቦሌ ጠዋት 2፡38 ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። የነበሩበት 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። ሕዝቡ መርዶውን የሰማው ረፋዱ ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በትዊተር ባወጣው የሐዘን መግለጫ ነው።

ቢሮው እሑድ ግማሽ ቀን ይከፈታል። ዜናውን መጀመሪያ ያየችው ትኬት ቆራጯ ናት። የሚዲያ ሠራተኛዋ ቅዳሴ ላይ ስለነበረች ስልኳ ዝግ ነው። ትኬት ቆራጯ ለቢሮው ባለቤት ደወለች።

«ጋሼ፣ የሚወጡትን ማስታወቂያዎች ሁሉ ላስቁም? ነው ወይስ ነገሩ እስኪጣራ እንጠብቅ?»

«አሁኑኑ ይቁሙ። ማጣራቱ ይደርሳል።»

ከዕለቱ ውሳኔዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። አንድን የሽያጭ ፖስት ለግማሽ ቀን ማዘግየት የሚያስከፍለው ኪሳራ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሟቾች ቁጥር እስኪረጋገጥ መጠበቅ ግን ፖስቶቹ በገዛ ሰዓታቸው እንዲወጡ መፍቀድ ነው። በዚያ ሰዓት የቢሮው ወረፋ ላይ የነበረው ምን እንደሆነ ማንም ልብ አላለውም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ 8፡00 የሚወጣው የፌስቡክ ፖስት የናይሮቢ የሦስት ቀን ጥቅል ነው፤ ምስሉም ከመስኮት የታየ የአውሮፕላን ክንፍ።

እርምጃዎቹ በቅደም ተከተል

ትኬት ቆራጯ የፌስቡክ ገጹ አርታዒ ስለሆነች በራሷ ስልክ ገባች። የፌስቡኩ መርሐ ግብር ሁሉንም ባንዴ የሚያቆም አንድ ቁልፍ ስላልነበረው ፖስቶቹን እየከፈተች ማስተካከል ነበረባት። የእሑዱን ሦስት ፖስቶች ወደ ሰኞ በተመሳሳይ ሰዓት አዞረቻቸው። ሥራው ያለቀ መሰለ።

ወደ ኢንስታግራሙ መሣሪያ ለመግባት ስትሞክር ፓስዎርዱ ቢገኝም የማረጋገጫ ኮዱ የሚደርሰው በሚዲያ ሠራተኛዋ ስልክ ነው። ሠንጠረዡን ስታየው የኢንስታግራሙ ቀጣይ ፖስት «11፡30» ይላል። ለማታ 11፡30 ገና ብዙ ሰዓት አለ በሚል ኢንስታግራሙን ትታ ወደ ቴሌግራም ሄደች።

ቴሌግራሙ በጣም በቀላሉ የቆመው ነው። ቦቱ ውስጥ ገብቶ ፖስቶችን አንድ በአንድ መሰረዝ አላስፈለጋትም፤ ባለቤቱ ከቻናሉ የአድሚኖች ዝርዝር ላይ ቦቱን አወጣው። አድሚን ያልሆነ ቦት ቻናል ላይ መለጠፍ ስለማይችል ወረፋው ውስጥ ምንም ይኑር ምን መውጫ የለውም። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። መሣሪያውን ከማስተካከል ይልቅ መሣሪያው የሚለጥፍበትን ፈቃድ መንጠቅ፣ ኮድና ፓስዎርድ በሌለበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ፈጣኑ መንገድ ነው።

የአጭር መልእክቱ ነገር ስልክ ማፈላለግ ሆነ። አከራዩ ድርጅት እሑድ ዝግ ነው፤ የቢሮ ስልኩ አይነሳም። ባለቤቱ የድርጅቱን ሰው የግል ስልክ ከጓደኛ አፈላልጎ ያገኘው 9 ሰዓት ላይ ሲሆን መልእክቱ የቆመው ሊላክ ጥቂት ሲቀረው ነው። እዚህ ላይ ያዳነው አሠራር አይደለም፤ ዕድል ነው። የተላከ አጭር መልእክት ደግሞ ተመልሶ አይሰረዝም።

ያመለጡት

የመጀመሪያው ኢንስታግራም ላይ ወጣ። ዲዛይነሩ ሠንጠረዡ ላይ «11፡30» ብሎ የጻፈው መሣሪያው በሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ በእኛ ረፋድ 5፡30 መሆኑ ነው። ሌሎቹ ረድፎች በእኛ ሰዓት ስለተጻፉ ያነበበው ሁሉ የማታ 11፡30 ብሎ ነው የተረዳው። ስለዚህ ሀገር ሁሉ ስለ አደጋው በሚያወራበት ሰዓት የቢሮው ገጽ «ሻንጣዎ ዝግጁ ነው?» የሚል ሳቂታ ቪዲዮ ለጠፈ። ኮሜንቶቹ የጀመሩት ወዲያው ነው። ሠራተኛዋ ከቅዳሴ ወጥታ ስልኳን ስትከፍት አጠፋችው፤ ስክሪንሾቱ ግን ቀድሞ ቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ገብቷል።

ሁለተኛው የመጣው ከድረ ገጹ ነው። ፌስቡክ «ቆሟል» ተብሎ ስለነበር ማንም ወደ ወርድፕረሱ አልሄደም። የጦማር ጽሑፉ ሰኞ ጠዋት 3፡00 በሰዓቱ ወጣ፤ ሊንኩም በራሱ ፌስቡክ ገጹ ላይ ተለጠፈ። ርዕሱ «በረራ የሚያስፈራዎ ከሆነ» ይላል። ጽሑፉ ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት የተጻፈ፣ ፈሪ መንገደኛን ለማረጋጋት የታሰበ ነው። ያን ቀን ያነበበው ሰው ግን አደጋውን ለገበያ የተጠቀሙበት ነው የመሰለው። ይህን ያህል ቁጣ ያመጣ ሌላ ፖስት አልነበረም። አንድ ገጽ ላይ የሚደርሰው ፖስት ከስንት መንገድ እንደሚመጣ ካልታወቀ ገጹን «አቁሜአለሁ» ማለት አይቻልም።

ሦስተኛውን ያስተዋለ ሰው የተገኘው ማክሰኞ ነው። በፌስቡክ ኢንቦክስ ለሚጽፍ ሰው በራሱ የሚሄድ መልስ አለ፤ «ሰላም! ዛሬ ወዴት እናብርርዎ?» የሚል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ኢንቦክስ የገባው አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ወደ ናይሮቢ ያለው በረራ ቀጥሎ እንደሆነና ትኬቱን መለወጥ ይችል እንደሆነ ነው። ለሁሉም የተሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይኸው ነበር። ራሱን የሚልክ መልስ ሰዓት የተያዘለት ፖስት ስላልሆነ በማንም ወረፋ ዝርዝር ላይ አይታይም። ቡስት የተደረጉ ማስታወቂያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የሚቆሙት ከፖስቶቹ ወረፋ ውስጥ አይደለም። ቢሮው የዚያን ሳምንት ቡስት ያደረገው ነገር ስላልነበረው ብቻ ከዚህኛው ተረፈ።

ሊያመልጡ የነበሩም አሉ። እሑድ ዕለቱኑ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኞን የብሔራዊ ሐዘን ቀን አድርጎ አወጀ። ትኬት ቆራጯ ሦስቱን የፌስቡክ ፖስቶች ያዞረችው ወደዚያው ሰኞ ነው። ማታ ሠራተኛዋ ወረፋውን ስታይ ስላገኘቻቸው ወደ ረቂቅ መለሰቻቸው። ፖስትን ወደ ፊት ማዞር ማቆም አይደለም፤ ነገ ምን እንደሚሆን በማይታወቅበት ሰዓት አዲስ ቀጠሮ መያዝ ነው። ማቆሚያው ረቂቅ ነው፤ ረቂቅ ሰው ካልነካው አይወጣም።

መልሶ ማስጀመር

ሠራተኛዋ ማክሰኞ መሣሪያዎቹን ከመክፈቷ በፊት የነበሩትን ፖስቶች በሙሉ ወደ አንድ ሠንጠረዥ ገለበጠችና ከባለቤቱ ጋር ለሦስት ከፈሏቸው። የአየር ጉዞ የሚታይባቸው፣ «ይብረሩ» «ክንፍ» «ከደመና በላይ» የመሰሉ ቃላት ያሉባቸውና የናይሮቢ ጥቅሎች ከነጭራሹ ተጣሉ። ቃል ተለውጦ ሊወጡ የሚችሉት ለብቻ ተቀመጡ። እንዳለ ሊወጣ የቻለው የጾም ምግብ ስለሚያቀርቡ የሀገር ውስጥ ሎጆች የሚያወራው ብቻ ነበር።

ቀኑንም መርጠዋል። እሑድ መጋቢት 8 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለኢትዮጵያውያን ሟቾች የቀብር ሥነ ሥርዓት ስለነበር ከዚያ በፊት ምንም የሽያጭ ፖስት እንዳይወጣ ወሰኑ። እስከዚያ የወጡት የአገልግሎት መረጃዎች ናቸው፤ ትኬት እንዴት እንደሚለወጥና ቢሮው በየትኞቹ ሰዓታት ስልክ እንደሚያነሳ። ይህ ምርጫ ትክክል ነበር፤ በኢንቦክስ የሚጠየቀውም ይኸው ነበርና።

የሐዘን መግለጫው የወጣው እሑድ ማታ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ምስል በቢሮው የተለመደ አብነት ላይ ስለሆነ ከሻማው ሥር ሦስት ስልክ ቁጥርና «አሁኑኑ ይደውሉ!» የሚል ቀይ ሳጥን ነበረበት። ባለቤቱ አይቶ መለሰው። የሐዘን ምስል የራሱ አብነት ከሌለው በጥድፊያ ሰዓት የሚመጣው የሽያጩ ነው። እንዲያውም ያለ ምስል ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ቢለጠፍ ይበቃ ነበር፤ የብዙዎቹ ድርጅቶች ጥቁር ሪባን በዚያ ሰሞን ሎጎ ማሳያ ሆኖ ነው የከረመው።

የማሰራጫ መሣሪያዎች «ማቆሚያ» ከአንዱ አንዱ የተለያየ መሆኑ የታወቀው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። አንዳንዱ ሲከፈት የቆሙትን ፖስቶች በቀጣዮቹ ባዶ ሰዓቶች ላይ ደርድሮ መልቀቅ ይጀምራል። ሌላው ሰዓታቸው ያለፈባቸውን እንዳልተላኩ ቆጥሮ ይተዋቸዋል። መሣሪያው የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው በአደጋ ቀን ሳይሆን በሙከራ አካውንት ላይ ሁለት ተራ ፖስቶችን ሰዓት አስይዞ፣ አቁሞ፣ ሰዓታቸው ካለፈ በኋላ መልሶ በመክፈት ነው። ቢሮው በኋላ ሲሞክረው የኢንስታግራሙ መሣሪያ የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሳይመረምሩ ከፍተውት ቢሆን የሐዘኑ ሰሞን ፖስቶች ተራ በተራ ይወጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተጻፈው ገጽ

ቢሮው አንድ ገጽ ወረቀት ጻፈ። ታትሞ ትኬት መቁረጫው ጠረጴዛ መስታወት ሥር ተቀምጧል፤ ፎቶው በሁሉም ሠራተኛ ስልክ ላይ አለ። የወረቀቱ ግማሽ የወረፋዎች ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ወረፋ የት እንዳለ፣ ማን መግባት እንደሚችል፣ የማረጋገጫ ኮዱ በማን ስልክ እንደሚመጣና በምን እንደሚቆም ይናገራል። ራሱን የሚልከው የኢንቦክስ መልስና ቡስት የተደረጉ ማስታወቂያዎችም ወረፋ ተብለው ተመዝግበዋል። ሰዓት ሁሉ «ረፋድ 5፡30 (11:30)» ተብሎ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል። ሌላው ግማሽ ቅደም ተከተሉ ነው፦

1. ዜናውን ያየ ማንኛውም ሠራተኛ በቢሮው ግሩፕ ላይ «አቁሙ» ብሎ ይጽፋል፤ ለባለቤቱም ይደውላል። ፈቃድ አይጠብቅም።
2. መጀመሪያ የሚቆመው ተመልሶ የማይሰረዘው ነው፤ አጭር መልእክት። ቀጥሎ ማስታወቂያዎች፣ ከዚያ ቴሌግራም፣ ድረ ገጽ፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክ።
3. ያቆመ ሰው የቆመውን ወረፋ ስክሪንሾት ግሩፑ ላይ ያስገባል። ስክሪንሾት የሌለው እንዳልቆመ ይቆጠራል።
4. ወደ ሌላ ቀን ማዞር የለም፤ ሁሉም ወደ ረቂቅ።
5. ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ገጾቹን እንደ ተመልካች ከፍቶ አዲስ የወጣ ነገር እንዳለ ያያል።
6. መልሶ መክፈት የሚችሉት ባለቤቱና ሠራተኛዋ አብረው ሲወስኑ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ክብደት ያላቸው አንደኛውና ስድስተኛው ናቸው። ማቆም ለሁሉም የተፈቀደ፣ መክፈት ግን ለሁለት ሰው ብቻ የተሰጠ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ያቆመ ሰው አይወቀስም ተብሎም ተጽፏል፤ ይህ ባይኖር የመጀመሪያው ተራ ቁጥር በወረቀት ላይ ይቀር ነበር፤ እሑድ ቀን በሥራ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ከሁሉም በዕድሜም በሥልጣንም የሚያንሰው ሠራተኛ ነው።

ለድረ ገጹ ባለሙያው ሁለት መስመር ትእዛዝ ሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያው ሰዓት የተያዘላቸውን ጽሑፎች ዘርዝሮ ያሳያል፤ ውጤቱ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ በኋላ የትኞቹ ረቂቆች ወረፋ ላይ እንደነበሩ መለየት አይቻልም። ሁለተኛው ሁሉንም ወደ ረቂቅ ይመልሳል።

```
wp post list --post_status=future --fields=ID,post_title,post_date
wp post update $(wp post list --post_status=future --format=ids) --post_status=draft
```

ሰኔ ላይ የታየው ክፍተት

ቅዳሜ ሰኔ 15 ቀን 2011 በባሕር ዳር የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድርና ባልደረቦቻቸው፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ተገደሉ። በዚያው ሌሊት ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወረቀቱ ግን የተጻፈው ኢንተርኔት አለ ተብሎ ነው፤ ግሩፑም ስክሪንሾቱም መግቢያውም በእሱ ላይ የቆሙ ናቸው።

ወረፋዎቹ የሚኖሩት አዲስ አበባ አይደለም። ውጭ ሀገር ባለ ሰርቨር ላይ ስለሆኑ እዚህ ያለው ሰው መግባት ባይችልም እነርሱ በሰዓታቸው መልቀቃቸውን ይቀጥላሉ። እሑድ ጠዋት የክረምት ቅናሽ ፖስት ኢንስታግራም ላይ ወጣ። ሀገር ውስጥ ያለው ደንበኛ አላየውም፤ ያዩት ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉት ናቸው፤ ቤተሰቦቻቸውን ማግኘት አቅቷቸው ስልክ ይዘው በተቀመጡበት ሰዓት።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሰባተኛ ተራ ቁጥር ተጨመረ። ዱባይ ያለው የቢሮው ተባባሪ ወኪል የማቆም ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ በየመሣሪያው የራሱ መግቢያ አለው፤ የማረጋገጫ ኮዱም የሚሄደው በራሱ ስልክ ነው። የሚነገረው በመደበኛ የድምፅ ጥሪ ነው። ባለቤቱ ጥሪው እንኳ ባይሳካ ተብሎ አንድ ነገር አክሏል፦ ተባባሪው ዜናውን ሰምቶ አዲስ አበባን ለአንድ ሰዓት ሞክሮ ካላገኘ ሳይጠየቅ ያቆማል። ሰኔ 2012 ማገባደጃ ላይ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወረፋዎቹን ያቆመው እሱ ነው፤ የተቋረጠው ኢንተርኔት እስኪመለስ ሳምንታት ስለፈጀ ረቂቆቹ በሙሉ ጊዜ አልፎባቸው ተጥለዋል።

ተመሳሳይ ሥራ ላይ ላሉ

አምስት ወረፋ የሌለው ቢሮም ቢያንስ ሁለት ይኖረዋል። ዝርዝሩን ለማውጣት ከሠራተኛ ትዝታ ይልቅ ካለፉት ሠላሳ ቀናት መነሳት ይሻላል፤ በየገጹ የወጣውን እያንዳንዱን ፖስት አንስቶ «ይህን የለጠፈው ማን ወይም ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ። የጉዞ ወኪሉ የድረ ገጹን መንገድ ያገኘው እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ከአደጋው በፊት ነበር።

የማቆም ሙከራ በየሦስት ወሩ ይደረግ፤ የሚያቆመውም የሚዲያ ሠራተኛዋ ሳትሆን ሥራውን የማያውቀው ሰው ይሁን። የሚለካው ነገር «አቁሙ» ከተባለ እስከ መጨረሻው ስክሪንሾት ያለው ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው የማረጋገጫ ኮድ ነው፤ ሠራተኛ በለቀቀና ሲም ካርድ በተለወጠ ቁጥር ዝርዝሩ ያረጃልና።

የማስታወቂያ በጀት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። መጨረሻ ቀኑ የተቆረጠ ጠቅላላ በጀት ያለው ማስታወቂያ ለአንድ ሳምንት ቆሞ ሲከፈት መጨረሻ ቀኑ በራሱ አይገፋም፤ የቀረው ገንዘብ በቀሩት ጥቂት ቀናት ውስጥ ሊወጣ ይሞክራል። ሐዘን ባለፈ ማግስት ገጹ ከወትሮው በላይ በማስታወቂያ ተጥለቅልቆ እንዳይታይ፣ ከመክፈት በፊት ቀኑን ወይም በጀቱን ማስተካከል ያስፈልጋል።